ከሪያድ የተላከ ደመወዝ መሐል ሜዳ ሲደርስ ስንት ይሆናል?



በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል፣ በዓለም ከተማና በደብረ ብርሃን ስትኖሩ ዓረብ አገር ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ቤት ማግኘት እንደሚያስቸግራችሁ እናውቃለን። ለተማሪ ልጅ የሚከፈለው የቤት ኪራይ፣ የገጠሩ ቤተሰብ የሚገዛው ማዳበሪያ፣ ሣር ክዳኑን ያስለወጠው ቆርቆሮ በብዙ ቤት የሚገኘው ከዚያ በሚላክ ገንዘብ ነው። የባለ ሱቁም ገበያ የሚደምቀው ይኸው ገንዘብ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ በመንግሥት ሪፖርት ሲነገር የምንሰማው በቢሊዮን ዶላር ተደምሮ፣ «የውጭ ምንዛሪ ግኝት» ተብሎ ነው። እኛ ግን ሂሳቡን ከአንዲት ሠራተኛ የወር ደመወዝ እንጀምራለን። ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ሄዳ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን ከምታገኘው ገንዘብ ውስጥ እናቷ እጅ የሚገባው ምን ያህል ነው? የጎደለውስ የት ቀረ? ይህን የማይመልስ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለእነዚህ ከተሞች መራጭ የሚበጅ ነው ብለን አናምንም።

በደረሰኝ ላይ የሚታየውና የማይታየው ቅናሽ

በሕጋዊ ውል ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ለሄዱ የቤት ሠራተኞች የተለመደው ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል ነው። የሳውዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የተቆረጠ ስለሆነ ይህ 267 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሠራተኛዋ 100 ሪያሉን ለስልክና ለግል ወጪዋ አስቀርታ 900 ሪያሉን ለቤተሰቧ ላከች እንበል። ለስሌት እንዲመች ክብ ቁጥሮች ወስደናል፤ አንባቢ በየራሱ ቤት ቁጥር ሊተካቸው ይችላል።

የመጀመሪያው ቅናሽ የመላኪያ ክፍያ ነው። ክፍያው 20 ሪያል ቢሆን የሳውዲ መንግሥት በአገልግሎቱ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስለሚጥል 23 ሪያል ይሆናል። ይህ ታክስ እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2020 ድረስ 5 በመቶ ነበር። 23 ሪያሉ በደረሰኝ ላይ ተጽፎ ስለሚሰጣት ታየዋለች። ለመላክ የቀረው 877 ሪያል ነው።

ሁለተኛው ቅናሽ የምንዛሪ ልዩነት ነው። በዚያን ቀን በአገር ቤት ባንክ አንድ ዶላር በ150 ብር ቢገዛ አንድ ሪያል 40 ብር ያወጣል ማለት ነው። ላኪው ድርጅት ግን ሪያሏን በ40 ብር አይመነዝርላትም። በ38 ብር ከ80 ሳንቲም ሊመነዝርላት ይችላል። በአንድ ሪያል 1 ብር ከ20 ሳንቲም ትንሽ ይመስላል፤ በ877 ሪያል ሲባዛ ግን 1,052 ብር ነው። ይህ «ቅናሽ» ተብሎ በደረሰኙ ላይ አይጻፍም። ደረሰኙ የሚናገረው የተመነዘረበትን ዋጋ ብቻ ነው፤ ከሌላ ዋጋ ጋር ያላመሳከረ ሰው ምን እንደጎደለበት ሊያውቅ አይችልም።

ሁለቱን እንደምር። 900 ሪያሉ ያለ ምንም ቅናሽ ቢደርስ 36,000 ብር ነበር። የደረሰው 34,028 ብር ነው። 1,972 ብር፣ ማለትም ከመቶ 5.5 ያህሉ፣ በመንገድ ቀርቷል። ከዚህ ውስጥ የሚበልጠው ክፍል በደረሰኙ ላይ ያልተጻፈው ነው።

አነስተኛ ገንዘብ የሚልክ የበለጠ ይጎዳል

የመላኪያው ክፍያ ብዙ ጊዜ በገንዘቡ መጠን ልክ ከፍ ዝቅ የሚል አይደለም። 300 ሪያል የላከችም 900 የላከችም ያንኑ 23 ሪያል ልትከፍል ትችላለች። ይቺው እህታችን አባት ታመሙ፣ የትምህርት ቤት መክፈያ ደረሰ እየተባለች 900 ሪያሉን በሦስት ጊዜ ከፋፍላ ብትልክ ክፍያው 69 ሪያል ይሆናል። ቤተሰቧ እጅ የሚገባው 32,243 ብር ሲሆን የጎደለው ከመቶ ከ10 በላይ ነው። የችግር ጊዜ ገንዘብ፣ ማለትም አስቸኳዩና ትንሹ፣ ከሁሉ የበለጠ ተቆራጭ ያለበት ገንዘብ ነው።

በአንጻሩ የሦስት ወር ደመወዟን አጠራቅማ በአንድ ጊዜ ብትልክ የመላኪያው ክፍያ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የምንዛሪው ልዩነት ግን አንድ ሳንቲም አይቀንስላትም፤ ብዙ ብትልክም ትንሽ ብትልክም ከእያንዳንዱ ሪያል 1 ብር ከ20 ይቀነሳል።

«ያለ ክፍያ እንልካለን» የሚለውም ማስታወቂያ በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። አንድ ድርጅት የመላኪያ ክፍያውን ጨርሶ ትቶ ሪያሉን በ37 ብር ከ50 ቢመነዝር የ900 ሪያሉ ውጤት 33,750 ብር ነው። ይህ 23 ሪያል ከሚያስከፍለው ድርጅት በኩል ከደረሰው 34,028 ብር ያንሳል። ነጻ የተባለው ይበልጥ ተወደደ ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በተቀበሉት የልማት ግብ መሠረት የመላኪያ ወጪ እስከ 2030 ከመቶ 3 በታች መውረድ አለበት፤ ከመቶ 5 በላይ የሚያስወጣ መስመርም እንዳይኖር ተስማምተዋል። የዓለም ባንክ ይህን ሲለካ የሚደምረው ክፍያውንም የምንዛሪ ልዩነቱንም ነው። የእኛም ጥያቄ በዚሁ መለኪያ ይሁን ነው።

ግማሹ ደመወዝ የቀረበት ዘመን

እስካሁን ያየነው በአንድ መቶ ውስጥ አምስትና አሥር ነው። የዚህ አካባቢ ሰው ግን ከዚህ እጅግ የባሰ ጊዜ አሳልፏል። መንግሥት የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሆን በጥቁር ገበያ 115 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር።

ያንኑ 877 ሪያል በዚያን ጊዜ ዋጋ እናስላው። ገንዘቡ 234 ዶላር ያህል ነው። በባንክ በኩል ቢላክ 13,330 ብር ገደማ ይደርስ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ዋጋ ቢመነዘር ግን ወደ 26,900 ብር። ልዩነቱ ከ13,500 ብር በላይ ነው። በዚያን ጊዜ 23 ሪያሉ የመላኪያ ክፍያ በባንክ ዋጋ 350 ብር ገደማ ነበር። ሰው ሁሉ በመላኪያ ክፍያው ሲያጉረመርም ትልቁ ተቆራጭ የተደበቀው በምንዛሪው ተመን ውስጥ ነበር።

ይህ ገንዘብ የት ገባ? ባንኩ ከሠራተኛዋ በ57 ብር የገዛውን ዶላር ያገኘው በባንክ ዋጋ የውጭ ምንዛሪ የሚፈቀድለት ነው። ወረፋው የደረሰው አስመጪ ወይም ቅድሚያ የተሰጠው ድርጅት ዶላሩን በርካሽ አግኝቶ ዕቃውን ባስመጣ ጊዜ ገበያው ላይ የሚሸጠው በጥቁር ገበያው ዋጋ ልክ ነበር። ሕግ አክብራ በባንክ የላከችው የቤት ሠራተኛ የደመወዟን ግማሽ ለማታውቀው ሰው ትገብር ነበር ማለት ነው። ማንም ምክር ቤት እንዲህ ያለ ግብር አላጸደቀም።

ተመኑ ከተለቀቀ በኋላ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ክፍተት በእጅጉ ጠቧል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ዛሬ የሚደርሰው 34,000 ብር ከያኔው 13,000 ጋር ሲተያይ ቤተሰቡ በእጥፍ የበለጸገ ያስመስላል። ማዳበሪያው፣ ዘይቱና መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጡ ስለሆኑ የዶላር ዋጋ ሲጨምር ዋጋቸው አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ የብሩን ብዛት ብቻ ቆጥሮ «ላኪዎች ተጠቀሙ» ማለት አያስኬድም። የተመኑ መለቀቅ ለላኪዋ ያስገኘላት ነገር ቢኖር በባንክ ስትልክ ትወስድባት የነበረችው ግማሽ ደመወዝ መቅረቷ ነው። ይህ ወደ ኋላ እንዳይመለስ መጠበቅ አለበት።

ሰው ወደ ጥቁር ገበያ የሚሄደው ለምንድን ነው?

መንግሥት ለዓመታት መልሱን በማስጠንቀቂያና በማገድ ፈልጓል። አሠራሩን ላጤነ ሰው ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጥቁር ገበያ ሲላክ ሪያሉ ድንበር አይሻገርም። ሪያድ ያለው ደላላ ሪያሉን ይቀበላል፤ በዚያ ገንዘብ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር ያዘዘው ዕቃ ይከፈልበታል፤ ነጋዴው በበኩሉ ብሩን በአገር ቤት ባንክ ለቤተሰቡ ያስገባል። ነጋዴው ይህን የሚያደርገው በባንክ በኩል ኤልሲ ለመክፈት ዶላር ስላላገኘ ነው። የዶላር ወረፋ እስካለ ድረስ ከባንክ የተሻለ ዋጋ ከፍሎ የሠራተኛዋን ሪያል የሚፈልግ ሰው አይጠፋም።

ሁለተኛው ምክንያት መኖሪያ ፈቃድ ነው። በሳውዲ ሕጋዊ መላኪያ ለመጠቀም የጸና ኢቃማ ያስፈልጋል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዶ በ2010 እስኪያነሳ ድረስ ብዙዎች በየመን በኩል በባሕር ተሻግረዋል። ከአሠሪ ቤት ጠፍታ በሌላ ቤት የምትሠራም እንዲሁ ኢቃማ አይኖራትም። እነዚህ እህቶቻችን ምንም ያህል ሕግ ማክበር ቢሹ የባንኩ በር ዝግ ነው። ኢቃማ ባላት ጓደኛ ስም መላክ ወይም ለደላላ መስጠት ብቻ ይቀራቸዋል። ደላላው ቢክድ ደረሰኝ የለም፤ ለፖሊስ ብትናገር ራሷ ትያዛለች። ብሩን የተቀበለው ቤተሰብም ምንጩ ባልታወቀ ገንዘብ ምክንያት ሂሳቡ ሊታገድበት ይችላል።

የመጨረሻው መንገድ፦ ከባንክ እስከ ቤት

ገንዘቡ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላም ቅናሹ አያበቃም። ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ቆላ ቀበሌ ተነስታ ወደ ወረዳ ከተማ የምትመጣ እናት የመጓጓዣ ትከፍላለች፤ የሥራ ቀኗን ታጣለች፤ ኔትወርክ ወይም ጥሬ ገንዘብ የለም ከተባለች ታድራለች። በትንሽ ገንዘብ ላይ ይህ ወጪ ከመላኪያ ክፍያው ሊበልጥ ይችላል።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። በፓስፖርት ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው ስም በቀበሌ መታወቂያ ካለው ጋር አይገጥምም። ወደ ዓረብ አገር የሄዱ ብዙ ክርስቲያን ሴቶች ደላላ ባወጣላቸው የእስልምና ስም ስለተጓዙ እናት ልጇን የምታውቅበት ስምና የላኪዋ ስም ይለያያል። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ «የላኪ ስም?» ብሎ ሲጠይቅ እናት የልጇን የክርስትና ስም ትናገራለች፤ ክፍያው ይከለከላል። ሠራተኛው ሕጉን ነው ያከበረው። ጥፋቱ ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ተቀባይዋና ስሟ አለመመዝገባቸው ነው።

ማንም ቤት ሊሠራው የሚችል ማመሳከሪያ

የማንንም ቃል ሳታምኑ የምታረጋግጡበት መንገድ አለ። የደረሰውን ብር ልጅቷ ከኪሷ ላወጣችው ጠቅላላ ሪያል፣ የመላኪያ ክፍያውን ጨምሮ፣ አካፍሉት። ከላይ ባየነው ምሳሌ 34,028 ለ900 ሲካፈል 37 ብር ከ80 ገደማ ይሆናል። ይህን ገንዘቡ በተላከበት ቀን ባንኮች ከሚያወጡት የሪያል መግዣ ዋጋ ጋር አስተያዩት። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በየቀኑ በሚያወጣው ሠንጠረዥ ውስጥ የሳውዲ ሪያል አለ። በ40 እና በ37.80 መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛው የመላኪያ ዋጋ ነው። ሁለት ድርጅቶችን ለማወዳደርም «ክፍያችሁ ስንት ነው?» ሳይሆን «900 ሪያል ብሰጥ ስንት ብር ይደርሳል?» ተብሎ ይጠየቅ።

እኛ ብንመረጥ የምንሠራው

በሪያድ ያለ ድርጅት የሚያስከፍለውን ዋጋ ከአዲስ አበባ ሆነን በአዋጅ ልንወስን አንችልም፤ እንችላለን ብለንም ቃል አንገባም። ነገር ግን የውጭ ላኪ ድርጅት ብር የሚከፍለው በአብዛኛው ከአገር ቤት ባንክ ጋር ባደረገው ውል ነው። ውሉ ደግሞ በብሔራዊ ባንክ ሥልጣን ሥር ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2017 ዓ.ም. በባንኮች መግዣና መሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 2 እንዳይበልጥ አዟል። ይህ ጥሩ እርምጃ ነው፤ ሆኖም በሪያድ መስኮት ላይ ለሠራተኛዋ የሚሰጠውን ዋጋ አያይዝም። ስለዚህ፦

1. ማንኛውም ባንክ ከውጭ ላኪ ጋር በሚያደርገው ውል ውስጥ፣ የመላኪያ ክፍያውና የምንዛሪ ልዩነቱ ተደምረው ከዕለቱ የባንክ መግዣ ዋጋ ጋር ሲተያዩ ከመቶ 3 እንዳይበልጡ እንደ ግዴታ እንዲገባ እናደርጋለን። የየድርጅቱ ዋጋ «100 ሪያል ስንት ብር ይደርሳል» በሚል አንድ መስመር በየባንክ ቅርንጫፉ፣ በሪያድ ኤምባሲያችንና በጅዳ ቆንስላችን በየሳምንቱ ይለጠፋል።

2. ሠራተኛዋ የሥራ ውሏ ሲመዘገብ የተቀባይ ቤተሰቧ የባንክ ሂሳብና የሁለቱም ስም በመታወቂያ ቁጥር ተያይዞ አብሮ ይመዘገባል። ያለ ትክክለኛ ስምና ያለ ተቀባይ ሂሳብ ማንም በሕጋዊ መንገድ አይጓዝም።

3. ክፍያው ወደ ቀበሌ እንዲቀርብ፣ ቀድሞ አብቁተ፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው ተቋም ያሉትን የገጠር ቅርንጫፎች እንዲሁም ቴሌብርን ለውጭ ሐዋላ መክፈያ እንጠቀማለን። እናት ለልጇ ገንዘብ ዓለም ከተማ ድረስ ሄዳ ማደር የለባትም።

4. ኢቃማ ለሌላቸው ዜጎች ሰነድ የማስተካከያና በሰላም የመመለሻ ስምምነት ከሳውዲ መንግሥት ጋር እንደራደራለን። ይህ ሳይሆን ጥቁር ገበያን በማገድ ብቻ መዝጋት የድሃ ደመወዝ ማስቀረት ነው።

5. የባንክ ምንዛሪ ከገበያው ዋጋ እንደገና ተለይቶ እንዲቆረጥ የሚቀርብን ማናቸውንም ሐሳብ በምክር ቤት እንቃወማለን። የዶላር እጥረት ሲመጣ መንግሥታት መጀመሪያ የሚፈተኑት በዚህ ነው፤ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ግን ከላይ አይተናል።

ውድ መራጮች፣ በመንዝ ብርድ ያደገች ልጅ በሪያድ ሙቀት በሰው ማዕድ ቤት ቆማ ያገኘችው 900 ሪያል ነው። ከእርሱ ላይ የሚነሳው እያንዳንዱ ብር በደረሰኝ ላይ ይጻፍ፣ ልኩ ይታወቅ፣ ከሦስት በመቶም አይለፍ እንላለን። ሌሎች ተወዳዳሪዎች ድምፃችሁን ሊጠይቁ ወደ ከተማችሁ ሲመጡ ይህንኑ ጥያቄ አቅርቡላቸው፦ 900 ሪያል ስንት ብር ሆኖ ይደርሳል? መልሱን በቁጥር ከሚነግራችሁ ጋር አወዳድራችሁ ምረጡ።